ለአንድ ልገሳ ስንት ወጣ? ከለጋሾቹስ ስንቱ ተመለሰ?

በመርካቶ በጅምላ ንግድ የሚተዳደሩ አንድ አዛውንት ወዳጅ አሉን። ባለፈው ዓመት አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለገቢ ማሰባሰቢያ ዘመቻው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ወጪ እንዲሸፍኑለት ጠይቋቸው ገንዘብ ሰጥተው ነበር። ዘመቻው ካበቃ በኋላ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ የአፈጻጸም ሪፖርት ደረሳቸው። ሪፖርቱ "እጅግ አመርቂ ውጤት ተገኝቷል" ይልና ለአንድ ልገሳ የወጣውን ወጪ በትልቅ ፊደል ያስቀምጣል። ድርጅቱ ዘንድሮም እንዲደግሙት ጠይቋል። እሳቸው ግን ወረቀቱን ይዘው ወደ እኛ መጡና "ልጄ፣ አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል። ይኼ ወረቀት አተረፍን ነው የሚለው ወይስ ከሰርን?" ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ከነጋዴው ማኅበረሰብ ብዙዎች በየበዓሉና በየጾሙ ወቅት ለእንዲህ ዓይነት ዘመቻ ገንዘብ ይሰጣሉ። ሪፖርቱ ሲመጣም በቀናነት አይተው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። በራሳቸው ንግድ ላይ ግን እንዲህ ያለ የሒሳብ መግለጫ ቢቀርብላቸው ሒሳብ ሠራተኛቸውን አስጠርተው ያፋጥጡ ነበር። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ለአንድ ልገሳ የወጣው ወጪ ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ አንዳንዴም የሚያተርፈውን መንገድ አዘግቶ የማያተርፈውን ያስደግማል። ሚዛኑ የሚቃናው ከለጋሾቹ ስንቱ በዓመቱ ተመልሶ ሰጠ የሚለው ቁጥር ከጎኑ ሲቀመጥ ነው።

የወዳጃችን ሪፖርት የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ቁጥሮቹን እዚህ አናወጣም። ስሌቱን ለማሳየት ግን ለአያያዝ የሚመቹ ክብ ቁጥሮችን በምሳሌነት እንወስዳለን። የሚከተሉት ቁጥሮች የማንም ድርጅት አይደሉም።

አሥር ሺህ ልገሳ አሥር ሺህ ሰው አይደለም

አንድ ድርጅት ለሦስት ወር በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ለማስነገር 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር አወጣ እንበል። በእነዚህ ወራት በባንክ ሒሳቡና በስልክ ክፍያ 10 ሺህ ልገሳ ገባለት። እያንዳንዱ ልገሳ በአማካይ 400 ብር ስለሆነ ጠቅላላው ገቢ 4 ሚሊዮን ብር ነው። ሪፖርቱ የሚጽፈው ይህንኑ ነው፤ ለአንድ ልገሳ የወጣው 150 ብር፣ ለአንድ ብር ወጪ የተገኘው ገቢ 2 ብር ከ67 ሳንቲም። ከዚህ በላይ ምን ትርፍ አለ?

አሁን መዝገቡን እንግለጠው። ገቢው በስልክ ቁጥርና በስም ሲለይ 10 ሺህ ልገሳ የሰጡት 8 ሺህ ሰዎች ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰጥቷል። ከ8 ሺዎቹ መካከል 3 ሺዎቹ ባለፉት ዓመታትም ሲሰጡ የኖሩ ነባር ለጋሾች ናቸው። ነባሮቹ በመካከላቸው 5 ሺህ ልገሳ ሰጥተዋል፤ ይኸውም 2 ሚሊዮን ብር መሆኑ ነው። አዲሶቹ 5 ሺህ ሰዎች ደግሞ አንድ አንድ ጊዜ ሰጥተው ሌላውን 2 ሚሊዮን ብር አስገቡ።

ማስታወቂያው የነባሮቹን ገንዘብ አመጣሁ ማለት ይችላል ወይ? በከፊል ብቻ ነው። እነዚሁ ሰዎች ባለፈው ዓመት ያለ ማስታወቂያ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ሰጥተው ከነበረ፣ ዘመቻው ጨመረ ሊባል የሚችለው 200 ሺህ ብር ነው። ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ደንበኛው የሆነውን ሰው "በአዲሱ ማስታወቂያዬ ምክንያት መጣ" የሚል ነጋዴ ራሱን ያታልላል። እንግዲህ ማስታወቂያው በእርግጥ ያመጣው ገንዘብ 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ሲሆን፣ ለአንድ አዲስ ለጋሽ የወጣው ወጪም 150 ሳይሆን 300 ብር ይሆናል። ለአንድ ብር ወጪ የተገኘው ደግሞ ከ2 ብር ከ67 ሳንቲም ወደ 1 ብር ከ47 ሳንቲም ይወርዳል።

እዚህ ላይ ሪፖርቱ ዋሸ ማለታችን አይደለም። ቁጥሮቹ ሁሉ ከባንክ መግለጫው ጋር ይገጥማሉ። የተሳሳተው የሚቆጠረው ነገር ነው። ልገሳ መቁጠርና ለጋሽ መቁጠር የተለያየ ሥራ ነው፤ ለጋሽ መቁጠርና አዲስ ለጋሽ መቁጠርም እንዲሁ።

ውድ የሚመስለው መንገድ

ያው ድርጅት ከማስታወቂያው ጎን ለጎን ሌላ መንገድ ሞክሯል እንበል። ወጣት ሠራተኞችን ቀጥሮ በገበያ ማዕከላትና በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ አቆማቸው። ሥራቸው ሰዎች በየወሩ ከባንክ ሒሳባቸው 100 ብር እንዲቀነስ በቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ላይ እንዲፈርሙ ማግባባት ነው። ለደመወዝ፣ ለሥልጠና፣ ለትራንስፖርትና ለኅትመት 600 ሺህ ብር ወጣ። ከሰዉም 1 ሺህ ሰው ፈረመ።

በዘመቻው ማብቂያ ላይ ይህ መንገድ ውድቀት ይመስላል። ለአንድ ለጋሽ 600 ብር ወጥቷል፤ ከማስታወቂያው "150 ብር" ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ መሆኑ ነው። የገባው ገንዘብም በሦስቱ ወራት ከ290 ሺህ ብር ያነሰ ነው። ሪፖርቱ በዚህ ቀን ቢዘጋ ድርጅቱ በዚህ መንገድ ከወጪው ግማሹን እንኳ አላስመለሰም። የቦርዱ አባላትም "ይኼ ይቅርብን፣ ገንዘቡን ወደ ቴሌቪዥኑ እናዙረው" ቢሉ አይፈረድባቸውም።

አሁን ግን መዝገቡን ሦስት ዓመት ክፍት አድርገን እንከተለው። በየወሩ የሚከፍል ለጋሽ ሁሉ አይዘልቅም። በዚህ ዓይነት ምልመላ ረጅም ልምድ ባላቸው የአውሮፓ አገሮች ከፈራሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት እንደሚያቋርጡ በሙያው የታወቀ ነው። እኛም ይህንኑ እንውሰድ። ከ1 ሺህ ተነሥቶ በዓመቱ መጨረሻ 500 የሚደርስ ከሆነ በአማካይ 750 ሰው ዓመቱን ሙሉ ከፍሏል ማለት ነው። የዓመቱ ገቢ 900 ሺህ ብር ይሆናል። ወጪው የሚመለሰውም በሰባተኛው ወር ገደማ ነው፤ ማለትም የሦስት ወሩ ሪፖርት ታትሞ ከተሰራጨ ከአራት ወር በኋላ!

በሁለተኛው ዓመት የሚያቋርጠው ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ሊሄድ የነበረው አስቀድሞ ሄዷል። ከ500ዎቹ 100 ቢወጡ 400 ይቀራሉ፤ የዓመቱም ገቢ 540 ሺህ ብር ነው። በሦስተኛው ዓመት 60 ቢወጡ 340 ይቀራሉ፤ ገቢውም 444 ሺህ ብር ይሆናል። የሦስቱ ዓመት ድምር 1 ሚሊዮን 884 ሺህ ብር ሲሆን ለአንድ ብር ወጪ 3 ብር ከ14 ሳንቲም ተገኘ ማለት ነው።

የማስታወቂያው ለጋሾችስ? ከ5 ሺዎቹ አዲስ ለጋሾች በሁለተኛው ዓመት ተመልሰው የሰጡት ከአሥሩ አንዱ ቢሆኑ 500 ሰው ነው። ከእነሱም ግማሹ በሦስተኛው ዓመት ቢደግም 250 ሰው ይሆናል። እያንዳንዱ 400 ብር ሲሰጥ ሁለተኛው ዓመት 200 ሺህ፣ ሦስተኛው 100 ሺህ ብር ያስገባል። ከመጀመሪያው 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ጋር ሲደመር 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ነው። ለአንድ ብር ወጪ 1 ብር ከ67 ሳንቲም ብቻ። በሦስት ወሩ ሪፖርት አራት እጥፍ ውድ የተባለው መንገድ በሦስት ዓመቱ መዝገብ ወደ ሁለት እጥፍ የተጠጋ ውጤት አስገኘ።

ገንዘብ የሚያውቅ አንባቢ አንድ ጥያቄ እንደሚያነሳ እንጠብቃለን። የዛሬ ሦስት ዓመት የሚገባ መቶ ብር የዛሬውን መቶ ብር አያክልም። ትክክል ነው። ስለዚህ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ዓመት ገቢ በዓመት 25 በመቶ ዋጋ ቀንሰን እንየው። የቋሚ ክፍያው መንገድ ከ3 ብር ከ14 ሳንቲም ወደ 2 ብር ከ69 ሳንቲም ይወርዳል። ማስታወቂያው ደግሞ ከ1 ብር ከ67 ወደ 1 ብር ከ62 ሳንቲም ይወርዳል። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልተገለበጠም።

ሚዛኑን የሚገለብጠው ሌላ ነገር ነው። ከ1 ሺህ ፈራሚዎች መካከል ግማሹ አንድ ወር እንኳ ሳይከፍል ቢቀር የሦስቱ ዓመት ገቢ ወደ 942 ሺህ ብር ይወርዳል። ለአንድ ብር የሚገኘውም 1 ብር ከ57 ሳንቲም ይሆንና ከማስታወቂያው በታች ይውላል። ይህ ተራ ግምት አይደለም። ሒሳብ ቁጥሩ በስሕተት ሊጻፍ ይችላል፣ ሒሳቡ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሰውየው ወጣቱን ላለማሳፈር ብሎ ፈርሞ በማግስቱ ሊሰርዝ ይችላል። በተለይ መልማዩ የሚከፈለው በፊርማ ቁጥር ከሆነ የማይከፍል ፊርማ ይበዛል። ደላላ ውል ሲፈረም ሳይሆን ገንዘብ ሲቀበሉ ኮሚሽን የሚሰጡት ነጋዴዎች ይህንን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ፊርማ ክፍያ አይደለምና፣ ለአንድ ለጋሽ የወጣው ወጪ የሚካፈለው ለመጀመሪያው ክፍያ ቁጥር እንጂ ለፊርማ ቁጥር መሆን የለበትም።

መመለሱን በምን እናውቃለን?

የለጋሾች መመለስ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሲሠራ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይበላሻል።

የመጀመሪያው ከማን ጋር እንደሚነጻጸር አለመለየት ነው። አንዳንድ ድርጅት "ዘንድሮ 8 ሺህ ለጋሽ አለን፣ አምና 7 ሺህ ነበሩ" ብሎ እድገት ያስመዘግባል። የአምናዎቹ 7 ሺህ ሰዎች ግን 5 ሺዎቹ ጠፍተው በሌላ 6 ሺህ አዲስ ሰው ተተክተው ሊሆን ይችላል። ይህ ቀዳዳ ባለው እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው፤ ቀጂዋ እስካልቆመች ድረስ እንስራው የሞላ ይመስላል። ትክክለኛው አሠራር በአንድ ዘመቻ የገቡትን ለጋሾች በአንድ መዝገብ ለይቶ መያዝ ነው። ከዚያ ከእነዚያው ሰዎች ስንቱ በተከታዮቹ አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደገና ሰጠ ብሎ መቁጠር ነው። አዲሶቹና ነባሮቹም ለየብቻ ይቆጠራሉ። በአሜሪካ የገቢ አሰባሰብ ባለሙያዎች የሚያካሂዱት የጋራ ጥናት ለዓመታት ያሳየው ይህንኑ ልዩነት ነው። በጠቅላላው ከለጋሾች በተከታዩ ዓመት የሚመለሰው ከግማሽ በታች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰጡት ግን የሚመለሰው ከአምስት አንድ ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱን ደባልቆ አንድ ቁጥር ያቀረበ ሪፖርት የአዲሶቹን መጥፋት በነባሮቹ ታማኝነት ሸፍኖታል።

ሁለተኛው መበላሻ የዘመን አቆጣጠር ነው። በአገራችን ልገሳ በሃይማኖታዊ ወቅቶች ይንቀሳቀሳል፤ በረመዳንና በዐቢይ ጾም፣ በትንሣኤ፣ በእንቁጣጣሽ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ትንሣኤም በአንድ ቀን አይውልም። ስለዚህ የዘንድሮውን ሚያዝያ ከአምናው ሚያዝያ ጋር ያነጻጸረ ሪፖርት አንዱን በጾም ሌላውን በፍስክ ወር ሊመዝን ይችላል። የገቢው መጨመር የማስታወቂያው ሳይሆን የጾሙ ይሆናል። መፍትሔው ወሩን ከወሩ ሳይሆን ጾሙን ከጾሙ፣ በዓሉን ከበዓሉ ጋር ማነጻጸር ነው። ከዚያም የሚሻለው በአንድ ከተማ ማስታወቂያውን አስነግሮ፣ በሕዝብ ቁጥሩና በልገሳ ልማዱ በሚመሳሰል ሌላ ከተማ ለጊዜው ማዘግየት ነው። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የማስታወቂያው እውነተኛ ሥራ ነው፤ የቀረው ያለ ማስታወቂያም ይመጣ የነበረ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ጉዳይ ነው። ድርጅቱ በሬዲዮም፣ በቴሌቪዥንም፣ በመንገድ ላይ ሰሌዳም አንድ የሒሳብ ቁጥር ካስነገረ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ለዘላለም አያውቅም። ሦስት የተለያዩ የሒሳብ ቁጥሮች ቢያስነግር ግን በወሩ መጨረሻ ሦስቱን የባንክ መግለጫዎች ጎን ለጎን ማየት ብቻ ይበቃዋል። በጥሬ ገንዘብ ባንክ ቤት ገብቶ የሚያስገባው ሰው ደግሞ ስልኩን ስለማይተው ምስጋና የሚላክበት አድራሻ እንኳ የለም። በስልክ የሚከፍለው ሰው ቢያንስ ቁጥሩን ይተዋል። ያልተመዘገበ ለጋሽ ተመለሰ ወይም ጠፋ ሊባል አይችልም። ስለዚህ አንድ ሪፖርት የመመለሱን መጠን ሲያስቀምጥ ከጠቅላላው ለጋሽ ስንቱን መለየት እንደቻለም አብሮ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ከ8 ሺህ ለጋሾች ስልካቸው የታወቀው 2 ሺህ ብቻ ሆነው "ከመቶ 40 ተመልሰዋል" ቢባል፣ ይህ የ2 ሺዎቹ እንጂ የ8 ሺዎቹ ታሪክ አይደለም።

ሕጉና የአንድ ዓመት ሚዛን

አንባቢ "ታዲያ ድርጅቶቹ ይህንን እያወቁ ለምን የሦስት ወሩን ቁጥር ያሳዩናል?" ሊል ይችላል። አንዱ ምክንያት ስፖንሰሩ የሚጠይቀው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው። ሌላው ምክንያት ሕጉ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621/2001 አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ ብዙ ነገሮችን ቢያላላም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም በሚሠሩ ድርጅቶች ላይ ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው። የማስታወቂያ ወጪንም ከቤት ኪራይ፣ ከኦዲት ክፍያና ከአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ ጋር በአስተዳደራዊ ወጪ ውስጥ መደበው። የሕጉ ዓላማ ግልጽ ነው፤ ለድሃ የተሰበሰበ ገንዘብ በቢሮ እንዳይበላ ነው። ዓላማውን የሚቃወም የለም።

ችግሩ የሚታየው በትናንሽ ድርጅቶች ላይ ነው። የዓመት ገቢው 5 ሚሊዮን ብር የሆነ ድርጅት እንውሰድ። ጣሪያው 1 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከዚያ ላይ ኪራዩንም፣ ኦዲቱንም፣ የሒሳብ ሠራተኛውንም ይከፍላል። ከላይ ያየነውን የ600 ሺህ ብር ምልመላ ልሥራ ቢል ገቢው የሚመጣው በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ነው፤ ወጪው ግን በሙሉ የሚመዘገበው በዘንድሮው መዝገብ ነው። ነጋዴ የጭነት መኪና ገዝቶ ዋጋውን በአንድ ዓመት ወጪ ጽፎ ከዚያ "ከሰርክ" ቢባል እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ድርጅቱ የሚያዋጣውን ትቶ ዘንድሮ ርካሽ የሚመስለውን ይመርጣል። ወይም የማስታወቂያውን ወጪ እንደ ወዳጃችን ያለ ስፖንሰር እንዲሸፍንለት ይሄዳል። ስፖንሰሩም በተራው የሦስት ወሩን ቁጥር ይጠይቃል። ክቡ በዚህ ይዘጋል።

በዚህ ረገድ በአሜሪካ የደረሰውን ማስታወስ ይጠቅማል። ዳን ፓሎታ የተባለ ሰው ያቋቋመው ኩባንያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለኤድስና ለጡት ካንሰር የረጅም መንገድ የብስክሌትና የእግር ጉዞዎችን እያዘጋጀ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። ተሳታፊ የሚመለምለው በታላላቅ ጋዜጦች ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ እየገዛ ነው። ከጠቅላላው ገቢ 40 በመቶ ያህሉ ለምልመላና ለተሳታፊዎች አገልግሎት ይወጣ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የጡት ካንሰሩ ጉዞ ወጪው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ 71 ሚሊዮን ዶላር ማስገኘቱን ፓሎታ በ2013 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር ተናግሯል። "40 በመቶ በዛ" የሚል ወቀሳ ሲበረታ ዋናው ስፖንሰር ተለይቶ ጉዞውን በራሱ ማካሄድ ጀመረ። እንደ ፓሎታ አባባል በአንድ ዓመት ውስጥ ለካንሰር ምርምር የተረፈው የተጣራ ገንዘብ በ60 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። ተናጋሪው ባለጉዳዩ ራሱ መሆኑን አንዘነጋም። ይሁንና ትምህርቱ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ የወጪው ድርሻ ሌላ፣ የተረፈው ገንዘብ ሌላ ነው።

ይህንን ስንል "ወጪው የፈለገውን ያህል ይሁን" ማለታችን አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና ሃምሳዎቹ ክፍላተ ሀገር በካንሰር ሕሙማን ስም ገንዘብ ይሰበስቡ የነበሩ አራት ድርጅቶችን ከሰሱ። ክሱ ከ2008 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከ187 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሕዝብን አታለው ወስደዋል ይላል፤ ሕሙማኑ ዘንድ የደረሰው ግን ኢምንት ነው። አሰባሳቢ ኩባንያዎቹ ከአንዱ ልገሳ 85 በመቶና ከዚያ በላይ የሚወስዱበት ጊዜ ብዙ ነበር። ውድ የሆነ ምልመላ ሁሉ ኢንቨስትመንት አይደለም፤ ዝርፊያም ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ከሁለቱ የትኛው መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። የአንድ ዓመት የወጪ መቶኛ ሁለቱን አይለይም። የሚለያቸው ገንዘቡ ከአራት ዓመት በኋላም ከወጪው በላይ ለተረጂው መድረሱና ለጋሹ በራሱ ፈቃድ መቆየቱ ነው።

ለስፖንሰሩ የሚበጀው

ለወዳጃችን የሰጠናቸው ምክር ገንዘቡን አይስጡ የሚል አልነበረም። ውሉን ይቀይሩ የሚል ነው። ከሚሰጡት ገንዘብ ሁለት ሦስተኛውን ዘመቻው ሲጀመር ይስጡ። የቀረውን አንድ ሦስተኛ ደግሞ በአሥራ ሁለተኛው ወር ሁለተኛ ሪፖርት ሲቀርብልዎ ይልቀቁ። ሁለተኛው ሪፖርት ጥሩ ውጤት እንዲያሳይ አይጠብቁ፤ እውነተኛ መዝገብ እንዲያሳይ ብቻ ይጠይቁ። ከአንድ ገጽ በላይም አያስፈልገውም። በዘመቻው ስንት አዲስ ሰው የመጀመሪያ ክፍያውን ፈጸመ፣ ለእያንዳንዱ ስንት ብር ወጣ፣ ከእነሱ ስንቱ በዓመቱ ውስጥ ደግሞ ሰጠ፣ ከጠቅላላው ስንቱን በስልኩ ወይም በስሙ መለየት ተቻለ፤ እነዚህ አራት ቁጥሮች ይበቃሉ።

ድርጅቱ ቁጥሮቹን ማምጣት ካልቻለ ይህም ራሱ መረጃ ነው። ለጋሾቹን አያውቃቸውም ማለት ነው። ለጋሹን የማያውቅ ድርጅት አያመሰግነውም፤ ገንዘቡ ምን እንደሠራ አይነግረውም። ያልተመሰገነ ለጋሽ ደግሞ አይመለስም። በየዓመቱም ከዜሮ ጀምሮ ማስታወቂያ ይገዛል፣ በየዓመቱም ወደ ነጋዴው ይመጣል። ያ ገንዘብ በመጨረሻ የሚጠቅመው ሕፃናቱን ወይም አረጋውያኑን ሳይሆን የአየር ሰዓት የሚሸጠውን ጣቢያ ነው።

ሕግ አውጪውም ቢሆን ጣሪያውን ማንሳት አይጠበቅበትም። ለለጋሽ ምልመላ የወጣ ገንዘብ ከቢሮ ወጪ ተለይቶ እንዲመዘገብና ከሦስት ዓመት ገቢው ጋር እንዲመዘን ቢፈቅድ ብቻ፣ ቁጥጥሩ ሳይላላ ትናንሾቹ ድርጅቶች እፎይ ይላሉ። እስከዚያው ግን ሚዛኑ በስፖንሰሩ እጅ ነው።

አዛውንቱ ወዳጃችን ስሌቱን በጥሞና ካዳመጡ በኋላ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "እኔ እኮ ሱቄ ውስጥ ስንት ሰው ገባ ብዬ ቆጥሬ አላውቅም" አሉ። "የምቆጥረው ሁለተኛ የመጣውን ነው። ለእነዚህ ልጆች ግን ለምን እንደዚያ ብዬ እንዳልጠየቅኋቸው እንጃ!" በማግስቱ ለድርጅቱ ደውለው አራቱን ቁጥሮች ጠይቀዋል። እስከዚህ ጽሑፍ መታተም ድረስ የደረሳቸው አንዱ ብቻ ነው።